መልማዩ ስልኩን ይዞ የሚጽፈው

የስልክ ማጣሪያ የሚባለው፣ ሥራ ፈላጊው ሲቪውን ካስገባ በኋላና ለፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ ከመጠራቱ በፊት ከድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል ወይም ከአስቀጣሪ ኤጀንሲ የሚደወልለት አጭር ጥሪ ነው። ብዙውን ጊዜ ከአሥር እስከ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። በሙያው አጠራር መልማይ የሚባለው ደዋይ ፊት ለፊቱ ቅጽ ወይም የኤክሴል ሰንጠረዥ ተከፍቷል፤ በሰንጠረዡ ላይ የአመልካቹ ስም፣ የሥራ ልምድ፣ አሁን የሚሠራበት ቦታ፣ የሚለቅበት ምክንያት፣ ሥራ መጀመር የሚችልበት ጊዜ፣ የሚጠብቀው ደመወዝ እያለ የሚሞላ ረድፍ አለ። መልማዩ አብዛኛውን ጊዜ የሙያው ሰው አይደለም። ሥራው አመልካቹን መፈተን ሳይሆን፣ ለክፍሉ ኃላፊ ከሚቀርቡት አምስት ስድስት ሰዎች መካከል ይግባ ወይስ ይቅር የሚለውን መለየት ነው። ለዚህም የሚጠቀመው ያንኑ የጻፈውን መስመር ነው። ኃላፊው የአመልካቹን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው መልማዩ የጻፈውን ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ቢመስልም ብዙ ሰው ይስተዋል። በስልክ ማጣሪያ ጥሩ መልስ ማለት በአንድ መስመር ሊጻፍ የሚችልና ሲጻፍ ትርጉሙ የማይለወጥ መልስ ነው። ረጅም ታሪክ የተናገረ አመልካች መልማዩ ከታሪኩ ውስጥ የመሰለውን መርጦ እንዲጽፍ ይተውለታል። ሁለት ትርጉም ያለው ቁጥር የተናገረ ደግሞ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደተጻፈ የሚያውቀው ከወር በኋላ የቅጥር ደብዳቤው ሲመጣ ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንዲት የሒሳብ ባለሙያ ትወሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አስመጪ ድርጅት ትሠራለች፤ የስድስት ዓመት ልምድ አላት፤ ጥቅል ደመወዟ 22,000 ብር ነው። ዱከም አካባቢ ላለ ፋብሪካ የሲኒየር አካውንታንት ማስታወቂያ አይታ አመልክታለች። ማስታወቂያው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ፣ ፒችትሪ፣ የታክስ ሪፖርት ማዘጋጀት፣ የምርት ወጪ ስሌት ቢታወቅ ይመረጣል ይላል። ደመወዝ በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው «በስምምነት» ብቻ ነው።

ስልኩ የሚደወለው ሳይታሰብ ነው፤ ቁጥሩም አይታወቅም። አመልካቿ ታክሲ ውስጥ ወይም አሁን ባለችበት ቢሮ አለቃዋ ጎን ልትሆን ትችላለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው እንቢ ያለ እንዳይመስል ፈርቶ እዚያው ታክሲው ውስጥ እየጮኸ መልስ መስጠት በመጀመሩ ነው። መልማይ በቀን ብዙ ሰው ስለሚያነጋግር «አሁን መንገድ ላይ ነኝ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጸጥ ያለ ቦታ ሆኜ ልደውልልዎት?» የሚል ሰው አዲስ አይሆንበትም፤ አይቀየምምም። የሚያስቀይመው «እደውላለሁ» ብሎ መጥፋት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ተቆርጦ ይነገራል፤ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊትም የደዋዩ ስም፣ የድርጅቱ ስምና የሥራ መደቡ መጠሪያ ይጠየቃል። በአንድ ወር ውስጥ አሥር ቦታ ያመለከተ ሰው የትኛው ድርጅት እንደደወለ ሳያውቅ መልስ መስጠት ከጀመረ፣ የባንኩን ሥራ ለፋብሪካው ማውራቱ አይቀርም።

ያቺ ሃያ ደቂቃ ለዝግጅት ትበቃለች። ማስታወቂያውና ሲቪው ይወጣሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ደግሞ ሦስት ነገር በእጅ ይጻፋል፤ አጭር መግለጫው፣ ሥራ መጀመር የሚቻልበት ጊዜና የደመወዙ ቁጥር። ወረቀቱን ማየት የሚቻል መሆኑ ስልክ ከፊት ለፊት ቃለ መጠይቅ የሚሻልበት አንድ ነገር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል «እስቲ ስለራስዎ ትንሽ ይንገሩኝ» የሚል ነው። እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ከትውልድ ቦታ ጀምሮ፣ ትምህርት ቤቱን አልፎ፣ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁበትን ዓመት ጠርቶ፣ ከዚያ ወደ ሥራ መምጣት የተለመደ ነው። አክብሮት ያለው አቀራረብ ቢሆንም ለስልክ ማጣሪያ አይሆንም፤ መልማዩ የሚፈልገው የሚመጣው በሦስተኛው ደቂቃ ሲሆን በዚያን ጊዜ ብዕሩን አስቀምጧል። የተሻለው ከአሁኑ ሥራ መጀመር፣ ከማስታወቂያው ጋር የሚገጥመውን ማስከተል፣ አንድ ውጤት በቁጥር ማስቀመጥና ለምን እዚህ እንዳመለከቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት ነው። ሁሉም ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። የሒሳብ ባለሙያዋ እንዲህ ልትል ትችላለች፤

«አሁን በአንድ አስመጪ ድርጅት ሲኒየር አካውንታንት ነኝ፤ በሒሳብ ሥራ ስድስት ዓመት አለኝ። የምሠራው በፒችትሪ ነው። የየወሩን የቫትና የዊዝሆልዲንግ ሪፖርት የማዘጋጀው፣ የ60 ሠራተኛ ፔይሮልም የምሠራው እኔ ነኝ። ድሮ ወር ለመዝጋት እስከ 20 ቀን ይፈጅብን ነበር፤ የባንክ ማስታረቁን በየሳምንቱ መሥራት ስንጀምር ወደ 8 ቀን ወረደ። እናንተ ጋ ያመለከትኩት ወደ ፋብሪካ ሒሳብ፣ በተለይ ወደ ምርት ወጪ ስሌት መግባት ስለምፈልግ ነው።»

መልማዩ ከዚህ ውስጥ የሚጽፈው ከሞላ ጎደል ይታወቃል፤ «6 ዓመት፣ ፒችትሪ፣ ታክስ፣ ፔይሮል፣ ወር መዝጊያ ከ20 ወደ 8 ቀን»። አምስቱም ለኃላፊው የሚጠቅሙ ናቸው። «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እወዳለሁ፣ ጫና እችላለሁ» ብትል ኖሮ ከአንዱም የሚጻፍ ነገር አይገኝም ነበር፤ ሁሉም አመልካች የሚለው ነውና። ፒችትሪ የሚለው ቃል ራሱ መነሳቱም በአጋጣሚ አይደለም። መልማዩ ሙያውን ስለማያውቅ የሚያዳምጠው ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቃላት ነው። አመልካቿ «የሒሳብ ሶፍትዌር እጠቀማለሁ» ብትል ትክክል ትሆናለች፤ በሰንጠረዡ ላይ ፒችትሪ የሚለው ሳጥን ግን ባዶውን ይቀራል።

መግለጫው ያለባትን ጉድለትም አይደብቅም፤ ምርት ወጪ ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ ማለት እስካሁን አልገባሁበትም ማለት ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ስለዚህ ይመጣል። «የምርት ወጪ ሠርተው ያውቃሉ?» ለሚለው «አዎ፣ ትንሽ ትንሽ» ብሎ ማለፍ ይቀናል፤ ግን የፊት ለፊቱ ቀን ኃላፊው ሁለት ጥያቄ ሲጨምር ይጋለጣል። «በፋብሪካ ደረጃ አልሠራሁም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ግን የማጓጓዣ፣ የጉምሩክና የትራንዚት ወጪውን ለእያንዳንዱ ዕቃ የማከፋፍለው እኔ ነኝ፤ በየጭነቱ እሠራዋለሁ» የሚለው መልስ ይሻላል። እውነት ነው፤ ከጉድለቱ አጠገብ የቆመውን ልምድም ያስይዛል።

«ለምን ይለቃሉ?» የሚለው ጥያቄ አጭር መልስ ብቻ ይበቃዋል። ከአለቃ ጋር አለመስማማት እውነተኛው ምክንያት ቢሆንም በስልክ ላይ የሚዘረዘር አይደለም። ስድስት ዓመት በንግድ ሒሳብ መቆየቷና ፋብሪካ መሞከር መፈለጓ እውነት ከሆነ እሱኑ ተናግራ ማለፍ ትችላለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መቼ መጀመር ይቻላል የሚለው ነው። ለመቀጠር የጓጓ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት «ነገም ቢሆን» ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው ይህን ሲል ግን መልማዩ ሁለት ነገር ያስባል፤ ወይ ሰውየው የማስጠንቀቂያ ጊዜ መኖሩን አያውቅም፣ ወይ ያውቃል፤ የአሁኑን መሥሪያ ቤት ጥሎ የሚሄድ ነገ የእኛንም ጥሎ ይሄዳል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ የሚለቀው ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። ሳያስጠነቅቅ የሄደ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ይህ ግዴታ የለበትም። የራስን የቅጥር ውል አውጥቶ ማንበብም ይገባል፤ ለአሠሪው የተፈረመ የሥልጠና ግዴታ ካለ የሚገኘው እዚያ ነው።

በተግባር ግን ጊዜውን የሚበላው ማስጠንቀቂያው ብቻ አይደለም፤ ክሊራንሱም ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት የሚነካ ሠራተኛ ያስረክባል፣ ከየክፍሉ ፊርማ ይሰበስባል፣ ከዚያ በኋላ ነው ክሊራንስና የሥራ ልምድ ማስረጃ የሚይዘው። አዲሱ ድርጅት ያለ ክሊራንስ አላስገባም የሚል ከሆነ ይህ ጊዜ መቆጠር አለበት። የሒሳብ ባለሙያ ላይ ደግሞ የበጀት ዓመቱ መዝጊያ አለ። በግንቦት መጀመሪያ ለተደወለላት ሰው ጥያቄው ይህ ነው፤ ፋብሪካው ከሰኔ 30 በፊት ይፈልጋታል ወይስ በኋላ? የአሁኑ አሠሪዋም የዓመቱን ሒሳብ ሳትዘጋ በቀላሉ አይሸኛትም።

ለዚህ የሚበጀው መልስ ቀን ቆርጦ መናገር ሳይሆን መነሻውን መናገር ነው። «የቅጥር ደብዳቤው ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ ለርክክብ አንድ ሳምንት ቢጨመር በአምስት ሳምንት ውስጥ እጀምራለሁ።» ቀን ቆርጣ «ሰኔ 15 እጀምራለሁ» ብትል፣ ድርጅቱ ራሱ ቃለ መጠይቁን በሁለት ሳምንት ቢያዘገየው ቃሏን ያጠፈችው እሷ ትሆናለች። መልማዩ «ከዚያ ማሳጠር አይቻልም?» ካለ፣ አሠሪዋ ሊስማማ የሚችልበት መንገድ መኖሩን ተናግራ «ሳልጠይቅ ቃል አልገባም» ማለት ትችላለች። ይህ መልስ እሷ ላይ እምነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ቀንና ሰዓት ሲነገር የሚፈጠረው ስህተት የአገራችን የራሱ ነው። ድርጅቱ የውጭ ከሆነ ወይም መልማዩ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ፣ ሰኔ 1 የሚለው በሰንጠረዡ ላይ ጁን 1 ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ሰኔ 1 ግን ጁን 8 ነው፤ አንድ ሳምንት ይለያያል። የቃለ መጠይቁ ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ሐሙስ በሦስት ሰዓት» የተባለው የጠዋቱ ሦስት ነው ወይስ በፈረንጅ ሦስት፣ ማለትም ከቀኑ ዘጠኝ? መልሶ መጠየቅ አያሳፍርም። «ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በፈረንጅ ዘጠኝ፤ ልክ ነኝ?» ማለት አምስት ሰከንድ ይወስዳል። ጠያቂው ዱባይ ሆኖ በኢንተርኔት የሚያነጋግር ከሆነ ደግሞ የዱባይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ስለሚቀድም የማን ሰዓት እንደሆነ ጭምር ይጠየቃል።

አሁን የደመወዙ ጉዳይ ይቀራል፤ በስልክ ማጣሪያ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መልማዩ ይህን የሚጠይቀው ለመደራደር አይደለም፤ ለመደቡ በተያዘው በጀትና በአመልካቿ ፍላጎት መካከል መገናኛ መኖሩን ለማወቅ ነው። ሆኖም በዚያ ቀን የተነገረው ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ይቀመጣል፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሚቀርበው ደመወዝም የሚነሳው ከሱ ነው።

ከቁጥሩ በፊት ቁጥሩ የምን እንደሆነ መለየት አለበት። ጥቅል ደመወዝ፣ በተለምዶ ግሮስ የሚባለው፣ ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ ያለው ነው። የተጣራው፣ ማለትም ኔት፣ እጅ የሚገባው ነው። አሠሪዎች የሚያስቡት በጥቅል ነው፤ ሠራተኛው ኑሮውን የሚያሰላው በተጣራው ነው። ሁለቱ በስልክ ላይ «28 ሺህ» ብለው ሲስማሙ የተስማሙበት ነገር አንድ ላይሆን ይችላል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት አያስቸግርም። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ወርኃዊ ደመወዝ ያለው ተቀጣሪ ግብሩ የሚሰላው ጥቅሉን በ35 በመቶ አባዝቶ 2,050 ብር በመቀነስ ነው። ከዚያ ሌላ ሠራተኛው ከመነሻ ደመወዙ 7 በመቶ ለጡረታ ይከፍላል። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከሠራተኛው ኪስ አይወጣም። ስለዚህ 28,000 ብር ጥቅል ሲሆን ግብሩ 7,750፣ ጡረታው 1,960 ይሆንና እጅ የሚገባው 18,290 ብር ነው። በተቃራኒው አንድ ሰው 28,000 ብር በእጁ እንዲገባ ከፈለገ ጥቅሉ ከ44,700 ብር ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። አንዲት ቃል ባለመጨመሯ ከ16,000 ብር በላይ የሚሆን ክፍተት ይፈጠራል። በተጣራ አስባ 28 ሺህ ያለች ሰው፣ መልማዩ በጥቅል ከጻፈው፣ የቅጥር ደብዳቤውን ስታይ እጇ ከሚጠብቀው ወደ አሥር ሺህ ብር የሚጠጋ ይጎድላል፤ በዚያን ጊዜ «እኔ ያልኩት የተጣራ ነበር» ብትል ሐሳቧን የለወጠች ነው የምትመስለው።

ከዚሁ ስሌት አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ከ14,000 በላይ በሚሆን መነሻ ደመወዝ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ 1,000 ብር ጥቅል በእጅ የሚያስገባው 580 ብር ነው፤ 350ው ለግብር፣ 70ው ለጡረታ ይሄዳል። የሒሳብ ባለሙያዋ አሁን በ22,000 ጥቅል 14,810 ብር ይደርሳታል። ወደ ዱከም መመላለስ የሚጨምርባትን ወጪ ከተጣራው ላይ ስትቀንስ፣ በጥቅል 24,000 ቢሰጧት ጭማሪው በእጇ 1,160 ብር ብቻ ይሆናል፤ ሰርቪስ ከሌለ መንገዱ ሊበላው ይችላል። በወረቀት ላይ ደመወዟ አደገ፤ ኑሮዋ ግን እዚያው ነው። ይህ ስሌት ስልኩ ከመምጣቱ በፊት የሚሠራ ነው፤ ስልኩ ላይ ሆኖ አይሠራም።

በስሌቱ መሠረት ሁለት ቁጥር ይያዛል። አንደኛው ከሱ በታች ሥራውን የማትወስደው ወለል ነው፤ እሱ ለራሷ የሚቀር ነው። ሁለተኛው የምትናገረው እርከን ነው። የእርከኑ ታችኛ ጫፍ ቢሰጣት በደስታ የምትቀበለው መሆን አለበት፤ ምክንያቱም «ከ25 እስከ 35» ያለ ሰው እሱ የሚሰማው 35ቱን ሲሆን ድርጅቱ የሚሰማው 25ቱን ነው። እርከኑ በጣም ሲሰፋም ቁጥሩን አላሰብኩበትም ማለት ይሆናል። ለዚህች ባለሙያ ወለሉ 26,000፣ የምትናገረው ደግሞ ከ28,000 እስከ 32,000 ጥቅል ይሁን። በላይኛው ጫፍ እጇ የሚገባው 20,610 ብር ይሆናል።

ማስታወቂያው «በስምምነት» ስለሚል አስቀድሞ የድርጅቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፤

«የደመወዝ ፍላጎትዎ ስንት ነው?»

«ማስታወቂያው በስምምነት ስለሚል፣ ለመደቡ የተያዘ ካለ ቢነግሩኝ ከሱ አንጻር ብመልስ ደስ ይለኛል።»

«እሱ ገና ነው፤ እርስዎ የሚጠብቁትን ቢነግሩኝ ይሻላል።»

«እሺ። ግብርና ጡረታ ሳይቀነስ፣ በጥቅል ከ28 እስከ 32 ሺህ ብር ነው ያሰብኩት። ሰርቪስና ሕክምና ካለ ደግሞ እሱን አይቼ መነጋገር እንችላለን።»

አንድ ጊዜ መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ መግፋት ግን ስልኩን ወደ ክርክር ይለውጠዋል። መልማዩ ሳጥኑን መሙላት አለበት፤ ባዶ ከቀረ የሚቀጥለውን አመልካች ይጠራል። ቁጥሩ ከተነገረ በኋላም ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝምታው ሲከብድ «ግን እሱ ላይ ችግር የለብኝም፣ እንደ አቅማችሁ» ማለት በጣም የተለመደ ነው፤ መልማዩ የሚጽፈው ደግሞ ያንን ነው።

አሁን የሚከፈልዎት ስንት ነው የሚለው ጥያቄም መምጣቱ አይቀርም። እዚህ ላይ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መናገር ብዙ ሰው የሚመክረው ነገር ቢሆንም አደገኛ ነው። በአዋጁ መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው የሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራውን ዓይነትና የአገልግሎቱን ዘመን ብቻ ሳይሆን ይከፈለው የነበረውንም ደመወዝ ይገልጻል። 27 ሺህ ያለች ሰው ማስረጃዋ 22 ካለ፣ የሚጠፋው አምስት ሺህ ብር ሳይሆን ሥራው ነው፤ ገንዘብ የሚይዝ የሥራ መደብ ላይ በተለይ። እውነቱን ተናግሮ ማስከተል ይቻላል፤ «ጥቅሉ 22 ሺህ ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን የዚህን መደብ ኃላፊነትና የመንገዱን ርቀት አይቼ ነው።»

ነገሩ በሌላ አገር ሌላ መልክ አለው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ከሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ቀጣሪዎች በማስታወቂያቸው ላይ የደመወዙን መነሻና ጣሪያ መጻፍ ግዴታቸው ሲሆን፣ አመልካቹን የቀድሞ ደመወዙን መጠየቅም ተከልክሏል። ጎረቤቷ ሜሪላንድም ተመሳሳይ ሕግ አላት። እዚያ ለሚያመለክት ሰው ንግግሩ የሚነሳው ማስታወቂያው ላይ ካለው እርከን ነው፤ የአሁኑን ደመወዝ መናገርም ግድ አይደለም።

መልማዩ «በእኛ ስኬል መደቡ 26 ነው» ቢልስ? ይህ ወለሏ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው እንቢ የሚባል አይደለም፤ ወዲያው እሺም አይባልም። መጀመሪያ 26ቱ መነሻ ደመወዝ ነው ወይስ አበል ተጨምሮበት የሚለው ይጠየቃል። የትራንስፖርት አበል በተለየ የሚከፈል ከሆነ ሕጉ እስከፈቀደው መጠን ግብር አይነካውም፤ ስለዚህ በእጅ ሲገባ ከዚያው መጠን የደመወዝ ጭማሪ ይበልጣል። በሌላ በኩል የጡረታ መዋጮና የትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚሰሉት በመነሻ ደመወዙ ስለሆነ፣ መነሻው አንሶ በአበል የተሞላ ክፍያ ነገ ሌላ ቦታ ይጎድላል። ከዚያ «ከጠበቅኩት ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ሥራው ግን የምፈልገው ነው፤ ጥቅማ ጥቅሙን በሙሉ አይቼ ከኃላፊው ጋር ብንነጋገርበት እመርጣለሁ» ብላ መስመሩን ክፍት ትተወዋለች። ድርጅቱ ያለው 23 ከሆነና ከዚያ አልፎ የማይሄድ ከሆነ ግን፣ በትሕትና ተናግሮ እዚያው ላይ መለያየት ለሁለቱም ወገን ሁለት ሳምንት ያተርፋል።

ጥሪው ሊያበቃ ሲል መልማዩ «ጥያቄ አለዎት?» ይላል። በዚህ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ መደቡ አዲስ የተከፈተ ነው ወይስ የለቀቀ ሰው አለ? ቀጣዩ ደረጃ ምንድን ነው፣ መቼስ ይሆናል? የመጀመሪያው ስለ ሥራው ብዙ ይነግራል። በአንድ ዓመት ሦስት ሰው የለቀቀበት መደብ ከሆነ ፊት ለፊት ሲቀርቡ ምክንያቱን ለመጠየቅ ይዘጋጃሉ። ሁለተኛው ያለ ቀን ከመጠበቅ ያድናል። ደዋዩ ለምዝገባ፣ ለፈተና ወይም ለሥልጠና በሚል በቴሌብር ወይም በባንክ ገንዘብ አስገቡ ካለ ግን ጥሪው የሥራ ጥሪ አይደለም፤ ስልኩ ይዘጋል፤ የድርጅቱ ዋና ቁጥር ተፈልጎ ተደውሎ ይጣራል።

ስልኩ እንደተዘጋ የተባለው ሁሉ ሳይረሳ ይጻፋል፤ በተለይ የተነገረው ቁጥር። ፊት ለፊት ስትቀርብ 28 ያለችውን 35 ብትል ሰንጠረዡ እዚያው ይጠብቃታል። ከዚያ በዚያው ቀን ለመልማዩ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል አጭር መልእክት ይላካል፤ ምስጋናው አንድ መስመር ይበቃዋል፤ ዋናው ግን ቁጥሮቹን በጽሑፍ ማስቀመጥ ነው። «ጤና ይስጥልኝ፣ ስለ ጥሪዎ አመሰግናለሁ። እንደተነጋገርነው ለሲኒየር አካውንታንት መደብ የምጠብቀው ጥቅል ደመወዝ ከ28,000 እስከ 32,000 ብር ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ ከደረሰኝ በኋላ በአምስት ሳምንት እጀምራለሁ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቁ እገኛለሁ።» መልማዩ በስልኩ ላይ «28 የተጣራ» ብሎ ጽፎ ከነበረ የሚያርመው ይህን ሲያነብ ነው።